ፌብሩዋሪ 29 የተወለደ ሰው 18 ዓመት የሚሞላው መቼ ነው?

የተከበራችሁ የልደት መዝጋቢዎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የሶፍትዌር አዘጋጆች፤

በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ቀን የተወለደ ሰው፣ ያ ቀን በሌለበት ዓመት ዕድሜው በሕግ ፊት የሚሞላው በየትኛው ቀን ነው? ጥያቄው ከስንት አንዴ የሚገጥም ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን 18 ለአራት እኩል ስለማይካፈል፣ በዚያ ቀን የተወለደ ሰው ሁሉ 18 ዓመት የሚሞላው ፌብሩዋሪ 28 ቀን ላይ በሚያልቅበት ዓመት ነው። ዕድሜው 16 ወይም 60 ሲሆን ግን የልደት ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስለሚመጣ ችግር አይፈጠርም። ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ ጎልቶ የሚጎዳን፣ በብዙ አገሮች ሰው ለአካለ መጠን የሚደርስበት የ18 ዓመት ወሰን ነው።

አንድ ጉዳይ እንያዝ። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2008 የተወለደ ወጣት፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 ቀትር ላይ የብድር ውል ይፈርማል። በዚያች ሰዓት ለአካለ መጠን ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

በጀርመን መልሱ የሚገኘው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 187 እና 188 ነው። ዕድሜ ሲቆጠር የተወለዱበት ቀን ራሱ እንደ ሙሉ ቀን ከቁጥሩ ይገባል፤ የዓመታቱ ቁጥር ደግሞ የሚዘጋው ከልደት ቀኑ በፊት ያለው ዕለት ሲያበቃ ነው። እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ ሕጉ የሚፈልገው 29ኛውን ቀን ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለውን 28ኛውን ቀን ነው፣ ይህ ቀን ደግሞ በየዓመቱ አለ። በመሆኑም 18ኛው ዓመት ፌብሩዋሪ 28 እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፣ ወጣቱም ከማርች 1 መጀመሪያ ቅጽበት አንሥቶ ለአካለ መጠን የደረሰ ይሆናል። ቀትር ላይ ሲፈርም ግን ገና አልደረሰም፤ ውሉ ጸንቶ እንዲቆም የሕጋዊ ወኪሎቹ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እንግሊዝ በሌላ መንገድ ሄዳ እዚያው ትደርሳለች። በቀድሞው የጋራ ሕግ ሰው ዕድሜው የሚሞላው ከልደት ቀኑ በፊት ያለው ዕለት ሲጀምር ነበር፤ በ1969 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ማሻሻያ ይህን ሽሮ፣ ዓመታዊው የልደት ቀን ሲጀምር እንዲሆን ወሰነ። ዓመታዊው ቀን ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ድንጋጌው በግልጽ አይናገርም፤ የተለመደው አረዳድ ግን ማርች 1 ነው። የሆንግ ኮንግ ሕግ ይህንኑ ማርች 1 በጽሑፍ አስፍሮታል፤ የኒውዚላንድ የየብስ ትራንስፖርት ሕግ ደግሞ በተቃራኒው ፌብሩዋሪ 28ን መርጧል።

ጃፓን እንደ ጀርመን የተወለዱበትን ቀን ትቆጥራለች፤ ሆኖም ዕድሜው የተሞላው በዋዜማው ዕለት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ያ ዕለት ራሱ ዕድሜ የተሞላበት ቀን ተደርጎ ይወሰዳል። ኤፕሪል 1 የተወለደ ልጅ ማርች 31 ስድስት ዓመት ሞላው ተብሎ ከቀደመው ምድብ ጋር ትምህርት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ጀርመንና ጃፓን በዚያችው እኩለ ሌሊት ላይ ቢስማሙም፣ ቅጽበቷን ለየትኛው ቀን እንደሚመዘግቧት ይለያያሉ።

ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ፕሮግራሙ በራሱ ይወስናል፤ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በጃቫ ቋንቋ አንዱን ወጣት በሁለት መንገድ ብንጠይቅ፣ ሁለት መልስ እናገኛለን፦

```java
var b = LocalDate.of(2008, 2, 29);
var d = LocalDate.of(2026, 2, 28);
b.plusYears(18);                 // 2026-02-28
Period.between(b, d).getYears(); // 17
```

የመጀመሪያው መንገድ 18 ዓመት የሚሞላበትን ቀን ፌብሩዋሪ 28 ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ቀን ዕድሜው 17 ነው ይላል። አንዱ ክፍል መታወቂያ የሚሰጥበትን ቀን በመጀመሪያው፣ ሌላው ክፍል የውል መብትን በሁለተኛው ቢያሰላ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መዝገቦች በአንድ ሰው ላይ ይጋጫሉ፤ ስሕተት የሚል ማስጠንቀቂያም ስለማይወጣ፣ ግጭቱ የሚታወቀው ክርክር ሲነሣ ብቻ ነው።

ሕጉ በማይናገርበት ጊዜ እኔ የምመርጠው ማርች 1ን ነው፤ በፌብሩዋሪ 28 ቀትር ላይ 18ኛው ዓመት ገና አላለቀምና፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ሰው የተሰጠው ጥበቃ ሳያልቅ ሊነጠቅ አይገባም። ይሁን እንጂ የኒውዚላንድ ዓይነት ግልጽ ድንጋጌ ባለበት፣ ምርጫው የእኛ ሳይሆን የሕግ አውጪው ነው። ስለዚህ ስሌቱ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፣ የሚከተለው ድንጋጌም ከጎኑ ይጠቀስ፤ ከመጀመሩ በፊትም በ2008 የተወለደውን ወጣት ፌብሩዋሪ 27፣ ፌብሩዋሪ 28 እና ማርች 1 ቀን 2026 ላይ እያስገባችሁ፣ ሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸውን አረጋግጡ።

አመሰግናለሁ።