መስታወቱ ወንድምየውን አላየውም፦ ስለ ነጸብራቅ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ፦ ፎቶ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛዬ ውጭ አገር ያለውን ወንድሙን በሠርጉ የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ እንዳስገባለት ጠየቀኝ። አስገባሁት፤ ልብሱም ብርሃኑም ገጠመ። እናትየው ግን ገና ሲያዩት «ልጄ መስታወቱ ውስጥ የለም» አሉ። ከቤተሰቡ ኋላ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት አለ። ያንኑ ፎቶ ገልብጬ መስታወቱ ውስጥ ብጨምረውም አላምር አለኝ።

መልስ፦ እናትየው ልክ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ከባለሙያ ቀድሞ የሚያየው ልጁን ፈልጎ የሚያይ ሰው ነው። ገልብጠው የጨመሩት ያላማረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቤተሰቡ ፊቱን ለካሜራው፣ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ቆሟል። መስታወቱ የሚያሳየው ጀርባ ነው። የፊት ፎቶ ደግሞ የቱንም ያህል ቢገለበጥ ጀርባ አይሆንም።

ጀርባውን ፍለጋ ከመሄድዎ በፊት ግን የት ቦታ፣ በምን ያህል መጠን መታየት እንዳለበት ይለኩ። አንድ ሰው ከመስታወት ፊት በቆመበት ርቀት ልክ ምስሉ ከመስታወቱ ኋላ የቆመ ይመስላል። ካሜራው ከመስታወቱ 4 ሜትር፣ ቤተሰቡ ደግሞ 1 ሜትር ርቆ ነበር እንበል። ሰዎቹ ከካሜራው 3 ሜትር ይርቃሉ፤ ምስላቸው ግን 5 ሜትር። ስለዚህ ምስሉ ከሰውየው አንጻር ሦስት አምስተኛ፣ ማለትም 0.6 እጅ ይሆናል ማለት ነው።

በሠርግ ቀን ሜትር ይዞ የሚለካ የለም፤ ደግነቱ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ወንድምየውን ባቆሙበት ረድፍ ካሉት ሰዎች አንዱን ይምረጡ። የትከሻውን ስፋት በፒክስል ይለኩ፤ ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ያለውን የዚያኑ ሰው ትከሻ ይለኩ። የመጀመሪያው 500፣ ሁለተኛው 300 ከሆነ ቁጥርዎ 0.6 ነው። ያው ቁጥር ለወንድምየውም ይሠራል። ነገር ግን በዚያ ረድፍ ላሉት ብቻ ነው። ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ርቀው በቆሙት ላይ ስሌቱ 3.5 ለ4.5 ስለሚሆን ምስላቸው ወደ 0.78 ያድጋል። ከኋላ ረድፍ ለክቶ በፊት ረድፍ ላይ መጠቀም ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ቦታው። ከአንድ ሰው የራስ አናት ተነሥተው መስታወቱ ውስጥ እስካለው የራሱ አናት ድረስ መስመር ይሥሩና ያስረዝሙት። ለሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም እንዲሁ ያድርጉ። መስመሮቹ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ያች ነጥብ የፎቶ አንሺው ሌንስ ራሱ መስታወቱ ውስጥ የሚታይባት ቦታ ናት፤ ሰው ቢሸፍናትም እንኳ ቦታዋ አይለወጥም። የወንድምየው መስመርም እዚያው መድረስ አለበት። የራሱ አናት ከነጥቧ በስተቀኝ 1000 ፒክስል ርቆ ከሆነ፣ የምስሉ አናት በዚያው መስመር ላይ 600 ፒክስል ላይ ይቀመጣል። መጠኑንም ርቀቱንም የሚወስነው ያው 0.6 ነው። ይህ የሚሠራው ካሜራው መስታወቱን ፊት ለፊት ሲያየው፣ ማለትም የመስታወቱ ፍሬም በፎቶው ላይ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲታይ ነው። ፍሬሙ አንድ ወገን ጠቦ ከታየ መስመሮቹ አሁንም አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ መጠኑን ግን ከጎኑ ከቆመው ሰው ይውሰዱ።

ይህን ከለኩ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ሥራው ያልቃል። 600 ፒክስል ያልኩት ቦታ ከመስታወቱ ፍሬም ውጭ ከሆነ ወይም ሙሽራዋ ቆማ ከሸፈነችው፣ ምንም መጨመር አያስፈልግም። እንደ እርስዎ ፎቶ የሚታይ ቦታ ላይ ከወደቀ ግን የጀርባ ፎቶ ግድ ነው። ወንድምየው በዚያው ሱፍ ልብስ እንዲቆምና ጓደኛው ከኋላው፣ ከ5 ሜትር ርቀት፣ የሠርጉ ካሜራ በነበረበት ከፍታ እንዲያነሳው ይንገሩት። 5 ሜትር ያልኩት መስታወቱ ውስጥ ያለው የካሜራ ምስል ከእርሱ የሚርቀው በዚያ ልክ ስለሆነ ነው። ከጫፍ ቆሞ ከነበረ ጓደኛው ልክ ከጀርባው መሐል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበል፤ ወደ ሠርጉ ካሜራ ጎን ማለቴ ነው።

ፎቶው ሲደርስዎ Flip Horizontal አድርገው ያስገቡት። ይህን ሲያስቡ ብርሃኑን አይርሱ። በሠርጉ ፎቶ ላይ መስኮቱ በተመልካቹ ግራ ከሆነ፣ መስታወቱ ውስጥም በግራ ነው። ፎቶው ስለሚገለበጥ፣ ወንድምየው ሲነሳ ብርሃኑ ከፎቶው ቀኝ መምጣት አለበት። የቀረው ማዛመድ ነው። የጎረቤቱ ጀርባ መስታወቱ ውስጥ ምን ያህል እንደደበዘዘ ይመልከቱ፤ ካሜራው 3 ሜትር ላይ ተስተካክሎ 5 ሜትር ላይ ያለው ጥርት ብሎ አይወጣም። ብዙ መስታወት ቀለምን ትንሽ ወደ አረንጓዴ ይስባል፤ የሙሽራዋን ነጭ ቀሚስ በሁለቱም ቦታ አነጻጽረው ያንኑ ልዩነት ለወንድምየው ይስጡት።

የጀርባ ፎቶ ካልተገኘ የሌላ ሰው ጀርባ ለጥፎ ማለፍን አልመክርም። ያች እናት የልጃቸውን ማጅራት ያውቃሉ። ከዚያ ይልቅ ወንድምየውን ምስሉ በሌላ ሰው ወደሚሸፈንበት ቦታ ያዛውሩት፤ የት እንደሆነ አሁን በ0.6 ማግኘት ይችላሉ።

ጥያቄ፣ ከሐረር፦ እኅቴን ከጀጎል ውጭ ባለ አንድ ካፌ ፎቶ ውስጥ አስገብቼ ትልቁ መስኮት ፊት ለፊት አቆምኳት። ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ነጸብራቋን መስኮቱ ላይ በስሱ ደረብኩት፤ ግን መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት መሰለ።

መልስ፦ የመስኮት መስታወት እንደ መልክ ማያ መስታወት አይደለም። ፊት ለፊት ሲታይ እያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመልሳል፤ ሁለቱ ገጾች ሲደመሩ 8 በመቶ ገደማ። ከጎን ባዩት ቁጥር ይጨምራል። ያ ትንሽ ብርሃን ከካፌው ውስጥ ከሚመጣው ላይ ይደመራል እንጂ የውስጡን አይሸፍንም። እርስዎ ግልጽነቱን ቀንሰው በተለመደው ዘዴ ስለደረቡት ጥቁር ቀሚሷ ከኋላ ያለውን ወንበር አጨለመው። ነጸብራቅ ደግሞ ምንም ነገር አያጨልምም። የሌየሩን የመደረቢያ ዘዴ ብርሃንን በሚደምረው Screen ላይ ያድርጉት።

ይህ ግን ግማሹ ነው፤ ብዙ ሰው ሌላውን ግማሽ ይረሳል። እኅትዎ ከመቆሟ በፊት መስኮቱ ላይ የሚያንጸባርቀው ሰማይና ከመንገዱ ማዶ ያለው ነጭ ግድግዳ ነበር። አሁን እርሷ ያንን ብርሃን ጋርዳዋለች። ስለዚህ በነጸብራቋ ቅርጽ ውስጥ የቀድሞው የሰማይ ነጸብራቅ መጥፋት አለበት። በጥቁሩ ቀሚስ ቦታ የካፌው ጠረጴዛ ከዙሪያው ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ በነጠላዋ ቦታ ደግሞ ይደበዝዛል። እጃችንን ግንባራችን ላይ ጋርደን የተዘጋ ሱቅ ውስጥ የምናይበት ምክንያት ይኸው ነው።

በሥራ ላይ ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ በቅርጿ ልክ የሰማዩን ነጸብራቅ ከታች ካለው ፎቶ ያስወግዱ፤ ከዚያ ነጸብራቋን ከላይ በ Screen ይጨምሩ። ካፌው ቅርብዎ ከሆነ ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ። በዚያው ሰዓት ተመልሰው፣ ካሜራውን በነበረበት አድርገው፣ እኅትዎ በምትቆምበት ቦታ አንድ ሰው ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ እንዲይዝ ያድርጉና ያንሡ። ያ ፎቶ የሰማዩ ነጸብራቅ የሌለበትን ውስጡን ይሰጥዎታል፤ በግምት መሳል አያስፈልግም።

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ፦ ከዝናብ በኋላ መንገድ ላይ ያቆረ ውኃ አለ። በፎቶው ውስጥ ልጄን ከውኃው ወዲያ አስገባሁትና የእርሱን ፎቶ ወደ ታች ገልብጬ ጫማውን ከውኃው ጠርዝ ላይ አስጀመርኩት። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ጠርዙ ላይ ነው። መገልበጫው መስመር ልጁ የቆመበት ነጥብ ነው፤ ውኃው ከጫማው ራቅ ብሎ ቢጀምርም የውኃው ገጽ ከመሬቱ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ስለሆነ ልክ እግሩ ድረስ እንደተዘረጋ አድርገው ያስቡት። ከእግሩ ሥር ይገልብጡና ከውኃው ቅርጽ ውጭ ያለውን ሁሉ ይቁረጡት።

ካሜራው 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልጁ 4 ሜትር ርቆ፣ ውኃው ደግሞ ከጫማው 1 ሜትር ወዲህ ቢጀምር፣ በውኃው ውስጥ የሚታየው ከመሬት ግማሽ ሜትር በላይ ያለው አካሉ ብቻ ነው። ጫማውና ቅልጥሙ አይታዩም። ቁመቱ 1.2 ሜትር ከሆነ፣ የራሱ አናት ከጫማው 1.8 ሜትር ገደማ ወዲህ ይወድቃል። ውኃው እስከዚያ ካልደረሰ ራሱም ተቆርጦ ይቀራል።

ሌላው ነገር እይታው ነው። ውኃ ሰውን የሚያየው ከታች ነው፤ አገጩን፣ የኮፍያውን የውስጥ ጠርዝ ያሳያል። ልጁ በሩቅ ከቆመ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በ4 ሜትር ግን ኮፍያ ካደረገ ይታወቃል። 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያቁሙት፤ ስልክዎን መሬት አስነክተው ከ4 ሜትር ያንሡትና ያንን ወደ ታች ይገልብጡት። የጎርፍ ውኃ ቡናማ ስለሆነ ነጸብራቁ እንደ ካፌው መስኮት በጭቃው ቀለም ላይ ይደመራል፤ እዚህም Screen ነው የሚሠራው፤ ልጁ የጋረደው ሰማይም ከቅርጹ ውስጥ ይወጣል።