ቴስተሩ «ትክክል» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሽ ቴስተር መብራቶቹን አብርቶ «ትክክል» ካለ፣ ያ ሶኬት የሚሠራ ኧርዝ አለው ማለት ነው? ብዙ ሰው አዎ ይላል። እኔ ግን ገና አልታወቀም ባይ ነኝ።

ከመልቲሜትሩ እንጀምር። ጥቁሩን ገመድ COM በሚለው ቀዳዳ፣ ቀዩን V በተጻፈበት ሰኩት። ይህን ሁለቴ አረጋግጡ፤ ምክንያቱም ቀዩ ገመድ አምፔር መለኪያው ቀዳዳ ላይ ተረስቶ ሶኬት ከነካችሁ ፌዝና ኒውትራልን በቀጥታ አገናኛችኋቸው ማለት ነው፣ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። መምረጫውን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ኦም ላይ ሆኖ ኃይል ያለበትን ሶኬት በጭራሽ አትንኩ። ገመዱ ከተላጠ ደግሞ መለካቱ ይቅር።

አሁን ሦስት ልኬት ውሰዱ። ፌዝና ኒውትራል፣ 220 አካባቢ። ፌዝና ኧርዝ፣ ያው 220 አካባቢ። ኒውትራልና ኧርዝ፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ። በፌዝና በኧርዝ መካከል 220 ሳይሆን 90 ወይም 110 የመሰለ የሚዋልል ቁጥር ካያችሁ ኧርዙ የትም አልተገናኘም ማለት ይቻላል። የተንጠለጠለ ሽቦ ከጎኑ ከሚሄደው ፌዝ ትንሽ ቮልት ይወስዳል፣ ሜትሩም ያንን ያሳያል። ይህ ቀላሉ ጉዳይ ነው፣ ቴስተሩም ብዙ ጊዜ ይይዘዋል።

አስቸጋሪው ቁጥሩ ሁሉ አምሮ ኧርዙ የማይረባ ሲሆን ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ቮልት ሲለካ ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከቁጥር አይገባም፤ የራሱ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ነው። የቴስተሩ መብራቶችም የሚፈልጉት በጣም ጥቂት ነው። እንግዲህ የኧርዙ መስመር የሆነ ቦታ ዝጎ ወይም ላልቶ 2000 ኦም ሆነ እንበል። ሜትሩ አሁንም 220 ይላል፣ ቴስተሩም «ትክክል» ይላል። የልብስ ማጠቢያው ፌዝ አካሉን ሲነካ ግን በኧርዙ የሚያልፈው 220 ለ2000 ሲካፈል 0.11 አምፔር ነው። 16 አምፔር ብሬከር ይህን ከነመኖሩም አያውቀውም፣ አይወርድም። የማሽኑ አካል 220 ቮልት ይዞ ሰው እስኪነካው ይቆያል። 30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ከተገጠመ እሱ ይቆርጠዋል፤ ካልተገጠመ የሚያድን የለም።

ሌላው ደግሞ ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው፣ በጣም ያናድደኛል። ኧርዝ ሽቦ ያልተዘረጋበት ቤት ውስጥ ሶኬቱ ጀርባ ላይ ኒውትራልና ኧርዝ በአጭር ሽቦ ይታሰራሉ። ቴስተሩ «ትክክል» ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ኒውትራሉ ሲበጠስ፣ ፌዙ በበራው ዕቃ ውስጥ አልፎ በዚያች አጭር ሽቦ ወደ ዕቃው አካል ይመጣል። ዕቃው ምንም ብልሽት የለበትም፣ ግን ይገድላል።

ይህን በመልቲሜትር መጠርጠር ይቻላል። ጥንድ ሶኬት እንውሰድ። ኒውትራልና ኧርዝ ላይ ለኩ፣ 0.0 አለ። አሁን በሁለተኛው ቀዳዳ 2000 ዋት የውሃ ማፍያ ሰክታችሁ አብሩና እንደገና ለኩ። ማፍያው 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ የኒውትራሉ ሽቦ እስከ ብሬከር ሳጥኑ 0.2 ኦም ቢሆን ቁጥሩ ወደ 1.8 ቮልት መውጣት አለበት። ከወጣ ሁለቱ እዚህ ሶኬት ላይ አልታሰሩም። ማፍያው እየሠራ ቁጥሩ 0.0 ላይ ከደረቀ ሁለቱ እዚያው ታስረዋል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሶኬቱ ከሳጥኑ አጠገብ ከሆነ ግን ለውጡ በጣም ትንሽ ስለሚሆን ይህ ፈተና አይፈርድም። ለማረጋገጥ ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ ኃይል አለመኖሩን ለኩ፣ ሶኬቱን ፍቱና ጀርባውን እዩ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ፌዝና ኒውትራል ተገላብጠው በላዩ ላይ ኧርዙ ከኒውትራሉ ቦታ ጋር ሲታሰር ነው። ያኔ የኧርዙ ብረት ራሱ ፌዝ ነው፣ ባለ ሦስት መብራቱ ቴስተር ግን «ትክክል» ይላል፣ ምክንያቱም የሚያየው በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ሳይነካ የሚያሳውቀውን የኤሌክትሪክ ብዕር ወደ ኧርዙ ብረት አስጠጉት። ከጮኸ ወይም ከበራ ብሬከሩን አጥፉ፣ እስኪጠገንም እንዳታበሩት።

የላላውንና የዛገውን ኧርዝ ግን በቴስተሩም ሆነ በመልቲሜትሩ እንዲህ ለክቶ መለየት አይቻልም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስትጠሩ «የኧርዝ ሉፕ ኢምፒዳንስ ለካልኝ» በሉት። የእሱ መሣሪያ እውነተኛ ኤሌክትሪክ በመስመሩ አሳልፎ በኦም ይነግራችኋል። ቢ ዓይነት 16 አምፔር ብሬከር ወዲያው እንዲወርድ 80 አምፔር ይፈልጋል፤ ስለዚህ በ220 ቮልት የሚነበበው ከ2.75 ኦም በታች መሆን አለበት። ቁጥሩን ጽፎ ይስጣችሁ።