የጉልበት መርፌ፦ ከመወጋታችን በፊት ምን እንጠይቅ?

(ስክሪን ላይ፦ የጉልበት ሥዕል)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ናችሁ! ዛሬ ጉልበት ውስጥ ስለሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ነው የምናወራው። ጉልበት ውስጥ ነው ያልኩት፤ ቂጥ ላይ የሚወጋውን ዲክሎፌናክ አላልኩም። ዲክሎፌናኩ በደም ዞሮ ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳል። ይኼኛው ግን እዚያው መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይሠራል። ሁለቱን ከአሁኑ ለዩልኝ፣ ኋላ እንዳንደናገር።

ለምሳሌ የሚሆኑን አንዲት እናት አሉ። ለትምህርት ያህል የፈጠርናቸው ናቸው፤ ግን ሰፈሩን ብትዞሩ አታጧቸውም። ዕድሜያቸው 60፣ ቤታቸው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ። ሊፍት? ሊፍትማ የለም! ስኳር አለባቸው፣ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ቀኝ ጉልበታቸው ራጅ ሲነሳ ልም አጥንቱ ሳስቷል፤ ሰሞኑን ደግሞ አብጦባቸዋል። ልጃቸው በጥር ትዳራለች። እና ምን አሉ? "ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ተወግቼ እጨፍራለሁ።"

ይቆዩ እማማ፣ ይቆዩ። እንመለስበታለን።

(ስክሪን ላይ፦ አቧራማ የሰፈር መንገድ)

አሁን የምወዳት ምሳሌ መጣች። ኮብልስቶን ገና ያልደረሰበትን የሰፈር መንገድ አስቡ። የከተማው ዳር ላይ የምትኖሩ ማሰብም አያስፈልጋችሁም፣ በመስኮት ተመልከቱ። በበጋ ገልባጭ መኪና ሲያልፍ አቧራው ይነሳል፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ነጭ ነጠላ ቡናማ ይሆናል፤ ባለሱቁ ዳቦውን በላስቲክ ይሸፍናል። ከዚያ ቦቴው ይመጣና ውሃውን ሽርርር ያደርገዋል። አቧራው ይተኛል፣ ሰው መስኮት ይከፍታል፣ ሕፃናት ይወጣሉ። ደስ ይላል!

መንገዱ ግን ተሠራ? አልተሠራም። ጉድጓዱ እዚያው ነው። ፀሐይ ሲበረታ አቧራው ተመልሶ ይነሳል። ታዲያ ቦቴው ከንቱ ነው? በፍጹም። አቧራው በተኛባት ሰዓት ሠራተኞች ድንጋይ ካነጠፉባት ውሃው ከወጪው በላይ ጠቀመ። ማንም ካልሠራባት ግን ያው አቧራ እስኪመለስ ጠበቅን ማለት ነው። ቦቴው አሁንም አሁንም ቢመላለስስ? መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ይቦረቡረዋል፣ ጉድጓዱ ይሰፋል።

የስቴሮይዱ መርፌ ቦቴው ነው። አቧራው የጉልበት ሽፋን መቆጣት ነው። መንገዱ ልም አጥንቱ ነው። ይቺን ከያዛችሁ ቪዲዮውን ዘግታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አትዘጉም ግን፣ ገና ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ በዚሁ አድርጉ።

ሳይንሱን በፍጥነት ልለፈው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ትሪያምሲኖሎን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ነው። ለጉልበት የተለመደው 40 ሚሊግራም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሊዶኬይን ከሚባለው ማደንዘዣ ጋር ይቀላቀላል። መቆጣቱን ያበርዳል፣ እብጠቱን ይቀንሳል። ልም አጥንት ግን አያበቅልም። ለሸረሸረ ጉልበት ጥቅሙ ባብዛኛው ለጥቂት ሳምንታት፣ እስከ ወር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚቆይለት አለ፤ ምንም የማይሰማውም አለ። አለቀ።

(ስክሪን ላይ፦ "ጉልበቴ ደርቋል!")

አላለቀም! ምክንያቱም ከእናንተ በተደጋጋሚ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። "ጉልበቴ ፈሳሹ አልቆ ደርቋል፣ ሲንቀሳቀስ ይንቋቋል፣ መርፌው ግሪስ ነው አይደል?" አይደለም። ግሪስ አይደለም። ግሪስ የምትለዋን እርሱልኝ።

አንደኛ፣ መርፌው ማለስለሻ አይደለም። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ሌላ መርፌ አለ፤ "ጄል" እያሉ የሚሸጡት እሱ ነው። ዋጋውም ሌላ፣ ክርክሩም ሌላ። ስለዚህ "የጉልበት መርፌ" ሲሏችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የተቆጣ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ሳይሆን ፈሳሽ በዝቶበት ነው የሚያብጠው። የእኛ እናት ጉልበት "ውሃ ቋጥሯል" የተባለው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ መንቋቋት ብቻውን፣ ሕመምና እብጠት ከሌለው፣ መርፌ አይፈልግም። ግሪስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ምን ያደርጋል? "ሲያልቅ ይሞላልኝ" ብሎ በየወሩ ይመጣል። የኔም ጭንቀት እሱ ነው።

በእንግሊዝኛ አቆጣጠር 2017 በታተመ ጥናት 140 ጉልበታቸው የሸረሸረ ሰዎች ተከፈሉ። ግማሾቹ በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት 40 ሚሊግራም ትሪያምሲኖሎን ተወጉ፤ ግማሾቹ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ። በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ልም አጥንታቸው ግን በስቴሮይዱ በኩል 0.21 ሚሊሜትር፣ በጨው ውሃው በኩል 0.10 ሚሊሜትር ሳሳ። ጭቃው ይኸው። አንድ መርፌ ጉልበት ያፈርሳል ማለቴ አይደለም፤ መደጋገሙ ግን ልማድ መሆን የለበትም። ሐኪሞች በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ቢያንስ 3 ወር ይለያዩ የሚሉትም እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ቀጠሮ አይደለም።

እሺ፣ ወደ እማማ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ምን ይጠይቁ?

መጀመሪያ፦ "ይህ እብጠት ኢንፌክሽን አለመሆኑን በምን አወቅን?" ይቺን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሙልኝ። ኢንፌክሽን ያለበት መገጣጠሚያ ውስጥ ስቴሮይድ ማስገባት እዚያ ያለውን መከላከያ ማዳከም ነው። እኛ አገር ደግሞ ቲቢ አለ። ቲቢ ጉልበት ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ አይጮህም፤ አንድ ጉልበት ብቻ ለወራት ቀስ እያለ ያብጣል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሰው "ብርድ ነው" እያለ ይከርማል። ጥሩ ሐኪም እብጠት ካለ መጀመሪያ ፈሳሹን በመርፌ ይቀዳል። ሲሪንጁን እዩት፤ ሰውዬው አይቆጣም። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ከኋላው ጽሑፍ የሚነበብበት ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፣ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም። ደፈርስ ካለ ወይም መግል ከመሰለ መርፌው ይቆማል፣ ፈሳሹ ላብራቶሪ ይሄዳል። ጉልበቱ ላይ ያለው ቆዳ ቆስሎ ወይም መግል ይዞ ከሆነም በዚያ በኩል አይወጋም።

ቀጥሎ፦ "የምወስዳቸው መድኃኒቶች ይስማማሉ?" የእማማ ስኳር ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንት ከፍ ይላል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ይለካሉ፣ ሜትፎርሚኑን አያቋርጡም፣ ከ300 በላይ ሆኖ ከቆየ ሐኪማቸውን ያገኛሉ። ስኳራቸው አሁኑኑ ካልተገራ መጀመሪያ እሱ ይገራ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይናገር፣ በራሱ ፈቃድ ግን አያቁም።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይ ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ካለበት፣ ይህን ሳትናገሩ እንዳትወጉ። እነዚህ መድኃኒቶች ጉበት ስቴሮይዱን እንዳያስወግድ ያግዱታል። ለጉልበት የተሰጠው መጠን በሰውነት ተጠራቅሞ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያወጣል፣ ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት የራሱን ሆርሞን ያጠፋል። ዶሉቴግራቪር ብቻውን ይህን ችግር አያመጣም። በሰው ፊት መናገር ካልፈለጋችሁ የመድኃኒቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ማንም ማወቅ የለበትም፣ እሱ ግን ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ የቀኑ ነው። እማማ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር ያሉት። ሊዶኬይኑ ወዲያው ያደነዝዛል፣ በጥቂት ሰዓት ይለቅና ሕመሙ ይመለሳል። ስቴሮይዱ ደግሞ ሥራውን እስኪጀምር ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንት ይፈልጋል። በመካከሉ አንዳንድ ሰው ላይ ጉልበቱ ከበፊቱ ብሶ ይነሳና አንድ ሁለት ቀን ያስቃያል። አስቡት፣ በሠርጉ ቀን! ስለዚህ መወጋት ካለባቸው ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ የሚብሰውም ያልፋል፣ ስኳሩም ይረጋጋል፣ ጉልበቱም ይደርሳል። (ጭፈራውን በልክ፣ እማማ። እስክስታው በትከሻ ይበቃል።)

አራተኛ፦ "አቧራው ሲተኛ ምን እሠራበታለሁ?" መልስ ከሌለ መርፌውን አቆዩት። ለእማማ መልሱ ይኸው፦ ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ያነሳሉ፣ እስከ 5 ይቆጥራሉ፣ ያወርዳሉ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። የታፋ ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ይሸከምለታል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። ከዘራ በግራ እጅ ይያዛል፣ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ። ሁላችሁም በታመመው በኩል ነው የምትይዙት፣ አውቃለሁ!

(ስክሪን ላይ፦ ሲሪንጅና ብልቃጥ)

የመወጊያው ቀን አጭር ነው። ሲሪንጁና መርፌው ከታሸገበት እናንተ ፊት ይከፈት። ትሪያምሲኖሎን ሲወዘወዝ እንደ ወተት ይነጣል፤ አትደንግጡ። ቆዳው በአልኮል ወይም በአዮዲን ተጠርጎ ይድረቅ። መርፌው በጉልበት ሎሚ ጎን ይገባል፣ መድኃኒቱ ያለ ትግል ይፈስሳል። ብዙ መገፋት ካስፈለገው ጫፉ ቦታውን ስቶ ይሆናል። ከመውጣታችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ ቀኑንና የትኛው ጉልበት እንደሆነ አጽፉና ፎቶ አንሱት። የጉልበት መተካት ቀዶ ሕክምና የታሰበ ከሆነም ይቺ ቀን ታስፈልጋለች፤ በመርፌውና በቀዶ ሕክምናው መካከል 3 ወር ይፈለጋል።

ከዚያ በኋላ ፊት ለአንድ ሁለት ቀን ቢግል ያልፋል። ከሳምንታት በኋላ የተወጋበት ቆዳ ነጣ ሊልና ስር ያለው ስብ ሊጎደጉድ ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ ጎልቶ ይታያል፣ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አይጠበቅም። መጀመሪያ ቀን የመጣ ሕመም በሁለት ሦስት ቀን እየቀነሰ መሄድ አለበት። ሕመሙ ከዚያ በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ ጉልበቱ ከጋለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ እግሩ መሬት መርገጥ ካቃተው፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ፋርማሲ ሄዶ አሞክሲሲሊን መግዛት አይደለም፣ ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸትም አይደለም፣ "ነገ ይሻለኛል" ብሎ መተኛትም አይደለም። ፈሳሹ ተቀድቶ እስኪታይ ማንም በግምት አያክማችሁ።

ትከሻና ተረከዝ ላይ ስለሚሰጠው መርፌ ራሱን የቻለ ቪዲዮ እየሠራን ነው፤ ደወሏን ተጭናችሁ ጠብቁን።