ዋጋ ጨምረን ገቢ ያጣነው ለምንድን ነው? በሐዋሳ የጀልባ ባለንብረቶች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ለጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። እንደ ገንዘብ ያዥነቴ የሂሳብ ሪፖርት እንዳቀርብ ነው የተያዘልኝ። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። የምናገረው በተራ ቁጥር አራት ስለተያዘው ነው፤ የአንድ ሰው የጀልባ ሂሳብ ከ130 ወደ 160 ብር ይደግ ስለሚለው።

ባለፈው ዓመት ከ100 ወደ 130 ስናሳድግ እጄን አውጥቼ «መጀመሪያ ሰው እንቁጠር» ብያለሁ። «ለሠላሳ ብር ብሎ የሚቀር ሰው የለም» ተባልኩ፤ ተጨበጨበ፤ ጸደቀ። እኔ ግን ቆጠርኩ።

ጥቅምት ላይ በ100 ብር በሳምንት በአማካይ 600 ሰው ጭነናል፤ 60,000 ብር። ኅዳር 1 ቀን 130 አደረግን። ከኅዳር የወሰድኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከ15 ጀምሮ ጾም ይገባልና ሰው የቀረው በዋጋው ይሁን በጾሙ መለየት አይቻልም። በእነዚያ ሳምንታት የጫንነው በአማካይ 400 ሰው ነው። 400 በ130 ሲባዛ 52,000 ብር። ዋጋ ጨምረን በየሳምንቱ 8,000 ብር አጣን!

የቀሩት 200 ሰዎች እነማን ናቸው? አንዱን አባወራ ልንገራችሁ። እሑድ ከሰዓት ነው፤ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ፍቅር ሐይቅ መሳፈሪያው ላይ ቆሟል። ትንሿ ልጅ የሕይወት አድን ጃኬቱን አንስታ አንገቷ ላይ አጥልቃለች። «ስንት ነው?» አለ። 130 አልነው። በጣቱ ቆጠረ፤ ለአምስት ሰው 650። በፊት 500 ነበር። ጃኬቱን ቀስ አድርጎ ከልጅቷ አንገት አውልቆ መለሰልን፤ ልጆቹን ይዞ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ ቆሎ ገዛላቸው። ሐይቁን ከዚያም ሆነው ያዩታል፤ ያውም በነጻ! እኛ ደግሞ ያየነው ሠላሳዋን ብር እንጂ ጥሎን የሄደውን 500 ብር አይደለም።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን የፍላጎት የዋጋ መለጠጥ፣ ኢላስቲሲቲ ይሉታል። ዋጋ በመቶኛ ከሚጨምረው ይልቅ ገዢው በመቶኛ የሚቀንሰው ከበለጠ፣ ፍላጎቱ ይለጠጣል፤ ዋጋ መጨመር ገቢን ይቀንሳል። ገዢው የሚቀንሰው ካነሰ ገቢው ያድጋል። ጨው ቢወደድ ወጥ ያለ ጨው አይሠራም፤ ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን ይገዛል። ጠዋት ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሮጥ ሠራተኛም ባጃጅ ቢጨምርበት ይሳፈራል፤ ሰዓቱ አይጠብቀውም። ጀልባ ግን ጨው አይደለም። ዋርካው ሥር መቀመጥ አለ፤ አሳ ጥብስ አለ፤ ቤት መዋልም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «30 በመቶ ጨምረን 25 በመቶ ሰው ቢቀንስ አተረፍን» ይባላል። ከ600 ሰው 25 በመቶ ቢቀንስ 450 ይቀራል፤ በ130 ሲባዛ 58,500 ነው፤ ከ60,000 አነሰ። ጭማሪው የሚሰላው ከትንሹ ቁጥር፣ ቅናሹ ደግሞ ከትልቁ ስለሆነ ሁለቱ መቶኛዎች እኩል አይመዝኑም። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ከድሮውና ከአዲሱ ቁጥር አማካይ ላይ የሚያሰሉት። የእኛ ዋጋ ከ115 ላይ ሲሰላ በ26 በመቶ ግድም ጨመረ፤ ሰዉ ከ500 ላይ ሲሰላ በ40 በመቶ ቀነሰ። 40 ለ26 ሲካፈል አንድ ተኩል ነው። ከአንድ በላይ ነውና ከሰርን።

«ነዳጅ ተወደደ፣ ምን እናድርግ?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ተወዷል። ግን የነዳጁ ዋጋ የዚያን አባወራ ኪስ አያሰፋውም። ጀልባችን አሥራ ሁለት ሰው ቢጭን ስምንት፣ ጉማሬው ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚያቃጥለው ቤንዚን ያው ነው ለማለት ይቻላል። ባዶ ወንበር ነዳጅ አይቆጥብልንም!

መጨመር ካለብን የኮንትራቱን እንጨምር። ከአዲስ አበባ መጥቶ ሆቴል ይዞ ያደረ ሰው ጀልባውን ለብቻው ሲይዝ ለጥቂት መቶ ብር ብሎ አይመለስም ብዬ አስባለሁ፤ እሱንም ግን ቆጥረን እንይ። የከተማው ሰው በወንበር የሚሳፈርበት ወደ 100 ይመለስ።

160 እንዲሆን ድምፅ የምትሰጡ ደግሞ አንድ ቁጥር ያዙ። ዛሬ የምናስገባውን 52,000 ብር በ160 ለማግኘት 325 ሰው ያስፈልጋል። በሳምንት ከ75 ሰው በላይ ከቀረብን ዳግመኛ ከሰርን ማለት ነው። የየቀኑ ቆጠራ ያለበት ደብተር ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የሚፈልግ መጥቶ ይየው።