ወንድሞቹን ደም እንዳይሰጡ የመለስሁበት ምክንያት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ እዚህ ደብረ ማርቆስ ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ እንድናገር ስጋበዝ፣ ብዙ ከማውራት የአንድን ልጅ ነገር ከሥር ከመሠረቱ ባጫውታችሁ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ልጁ የሞጣ አካባቢ ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የ19 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ድዱ ይደማል፤ ምንም ሳይመታው እግሩ ይበልዛል፤ ሁልጊዜ የሚወጣው ዳገት አቃተው። ከዳሌ አጥንቱ መቅኔ ተቀድቶ ሲታይ ደም የሚሠራበት ቦታ በስብ ተሞልቶ ተገኘ። በሽታው አፕላስቲክ አኒሚያ ይባላል። ካንሰር አይደለም። የሰውየው የራሱ መከላከያ ሕዋሳት ተሳስተው ደም አመንጪዎቹን ስቴም ሴሎች ሲፈጁ የሚመጣ ነው።

አባቱ ይህን እንደ ሰሙ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። "ደም ካነሰው እነሆ፣ ቅዱ" አሉኝ። እኔም መለስኋቸው። "የወንድሙን ደም ከልክሎ የባዳ ደም የሚያስገባ ሐኪም ዛሬ አየሁ" ብለው ተቆጡኝ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከወንድሞቹ አንዱ ነገ መቅኔ ሰጪው ሊሆን ይችላል። ዛሬ ደሙን ከሰጠው፣ የታማሚው መከላከያ የወንድሙን ሕዋስ አይቶ፣ ለይቶ፣ ቂም ይይዛል። ነገ መቅኔው ሲመጣ "ይህን አውቀዋለሁ" ብሎ ያባርረዋል። በአፕላስቲክ አኒሚያ ላይ ይህ አደጋ የታወቀ ነው። ስለዚህ ንቅለ ተከላ የሚታሰብለት ታማሚ ደም የሚሰጠው ከዘመድ ሳይሆን ከደም ባንክ ነው፤ እሱም ሲቻል ነጭ ሕዋሱ ተጣርቶ፣ የግድ ሲያስፈልግ ብቻ። እዚህ ያላችሁ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ከንግግሬ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

አባትየው ቀጥለው "ታዲያ ማን ይሰጠዋል? የደም ዓይነቱ እንደ እኔው ኤ ነው" አሉ። ለመቅኔ ወሳኙ የደም ዓይነት አይደለም። ኤችኤልኤ የሚባል በሕዋሶቻችን ላይ የተለጠፈ መታወቂያ አለ፤ እሱ ነው መግጠም ያለበት። አወራረሱን ለእሳቸው የነገርኋቸው በርስት ነው፤ የጎጃም ሰው ርስት በእናትም በአባትም እንደሚቆጠር ያውቃልና። አባት ሁለት ቁራሽ መሬት አለው፣ እናትም ሁለት። እያንዳንዱ ልጅ ከአባቱ አንዱን፣ ከእናቱ አንዱን በዕጣ ይወስዳል። አራት ዓይነት ድርሻ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ወንድም ከታማሚው ጋር ሁለቱንም ቁራሽ የመጋራት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አባትና እናት ግን ከልጃቸው ጋር በግማሽ ይገጥማሉ። በግማሽ የገጠመ መቅኔም ዛሬ ይተከላል፤ ሙሉ የገጠመ ወንድም ካለ ግን ምርጫው እሱ ነው።

ልጁ አምስት የአባትና የእናት ልጆች፣ አንድ ደግሞ የእናት ልጅ ብቻ የሆነ ታላቅ ወንድም ነበረው። አምስት ካሉ ቢያንስ አንዱ የመግጠሙ ዕድል ከመቶ 76 ገደማ ነው። የእናት ልጁን ሙሉ ይገጥማል ብለን አልጠበቅነውም፤ አባቱ ሌላ ነውና። የአጎትና የአክስት ልጆችንም አላስለፋንም። እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ስለምንጋባ ሁለቱ ወላጆች አንድ ዓይነት ቁራሽ ይዘው የመገናኘታቸው ነገር ጠባብ ነው።

ሁለት ገጠሙ። አንዷ ሦስት የወለደች እህቱ፣ ሌላው የ22 ዓመት ወንድሙ። ወንድሙ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴት በእርግዝና ጊዜ ከፅንሱ ሕዋሳት ጋር ትተዋወቃለች፤ በተለይ ወንድ ልጅ ከፀነሰች መከላከያዋ በወንድ ላይ ብቻ ያለውን ምልክት ለይቶ ሊያውቀው ይችላል። መቅኔዋ ወንድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የማጥቃት ዝንባሌው ከፍ ይላል። እናም የተመረጠው ወንድም፣ ያኔ ከበር ከመለስኋቸው ከሦስቱ አንዱ ነበር።

ልጁ ወደ ህንድ ሄደ። ከንቅለ ተከላው በፊት ለአራት ቀናት ሳይክሎፎስፋማይድ ተሰጠው፤ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ሂሳብ፣ እሱ 54 ኪሎ ስለሆነ በቀን 2,700 ሚሊ ግራም። ፊኛውን እንዳያደማው ብዙ ፈሳሽ በደም ሥሩ ይገባለት ነበር። ከዚህ ጋር ኤቲጂ የሚባል፣ ቲ ሕዋስ የሚሉትን የመከላከያ ሕዋስ የሚያጠፋ መድኃኒት ጨመሩለት። ይህን ዝግጅት ብዙዎች ከዘር በፊት ከሚደረግ እርሻ ጋር ያመሳስሉታል፤ እኔ ግን ለዚህ ልጅ አይሆንም እላለሁ። ማሳው ድሮውንም ባዶ ነበር። ችግሩ አልጠፋ ያለው ዘበኛ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው አሮጌውን መቅኔ የበላው መከላከያ አዲሱንም እንዳይበላው ነው።

ወንድሙን አደንዝዘው ከኋላ ከዳሌው አጥንት ወደ 800 ሚሊ ሊትር መቅኔ ወሰዱ። ለጥቂት ቀናት ወገቡን አመመው፤ መቅኔው በጥቂት ሳምንታት ይተካል። ዛሬ ብዙ ቦታ ስቴም ሴል በመርፌ ተነቃቅቶ ከክንድ ደም ሥር በማሽን ይለቀማል። ያኛው መንገድ ግን ብዙ ቲ ሕዋስ ይዞ ይመጣል። ለደም ካንሰር ታማሚ ይህ ጥቅምም አለው፤ የሰጪው ሕዋሳት የተረፈውን ካንሰር ያሳድዳሉ። የኛ ልጅ የሚያሳድዱለት ካንሰር ስለሌለው ጉዳቱ ብቻ ይተርፈው ነበር።

መቅኔው እንደ ደም በከረጢት ተንጠልጥሎ ገባለት። እናቱ "ይኸው ነው? ቀዶ ጥገና የለውም?" አሉ። የለውም፤ ሕዋሳቱ በደም ዞረው አጥንታቸውን ራሳቸው ያገኙታል። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አፉ ቆሰለ፣ ትኩሳት መጣ፣ ነጭ ሕዋሱ ከ100 በታች ሆኖ ቀናት ቆጠረ። መቅኔው መያዙ የሚታወቀው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ በማይክሮ ሊትር ከ500 በላይ ሆኖ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲቆይ ነው። የሱ በ19ኛው ቀን ከ500 አለፈ፣ በማግስቱም በሠልስቱም አልወረደም። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም ዘግይቶ ተከተለ።

በ31ኛው ቀን፣ ከሆስፒታል ወጥተው አጠገቡ ቤት ተከራይተው ሳለ፣ መዳፉና ጆሮው ቀላ፤ ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። እናቱ "ምች ነው" ብለው ከአገር ያስመጡትን ዳማ ከሴ ሊያጠጡት ተነሡ። ደግነቱ ወንድሙ በስልክ ጠየቀኝ። መከላከያ የሌለው ሰው ያልበሰለ ቅጠል ተጨምቆ አይጠጣም፤ መዳፍና ጆሮ ላይ የሚጀምር መቅላትም ከንቅለ ተከላ በኋላ ምች አይባልም። የወንድሙ ቲ ሕዋሳት የገቡበትን ሰውነት ማጥቃት ጀምረው ነበር። ግራፍት ቨርሰስ ሆስት የሚሉት ይህ ነው። ኤችኤልኤው ሙሉ የገጠመ ወንድም እንኳ በሌሎች ትንንሽ ምልክቶች ይለያልና አይመጣም አይባልም።

በደሙ ያለው ሳይክሎስፖሪን ሲለካ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ መድኃኒት ጧት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት የሚዋጥ፣ የአዲሱን መቅኔ ጠብ የሚያበርድ ነው። ልጁ ለካ ሁዳዴን እየጾመ፣ የጧቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛውሮት ኖሯል! ከማታው እስከ ቀጣዩ ቀን ዘጠኝ ሰዓት 19 ሰዓት ባዶ ይቀራል። ክፋት የለበትም፣ ማንም አልጠየቀውም። ጾም መጠየቅ የኛ የሐኪሞች ሥራ ነበር።

ሽፍታው ከግማሽ አካሉ በታች ነበር፤ ዓይኑ ቢጫ አልሆነም፣ ተቅማጥም አልነበረውም። ሐኪሞቹ ለእናቱ ጆግ ሰጥተው ሰገራው ከቀጠነ በቀን ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ እንዲለኩ አዘዟቸው፤ 500 ካለፈ አንጀቱም ተነክቷል ማለት ነውና፣ ያኔ በደም ሥር ስቴሮይድ ይጀመራል። የሱ በቆዳ ላይ ስለቆመ በሚቀባ ስቴሮይድና ሰዓቱን በጠበቀ ሳይክሎስፖሪን በሁለት ሳምንት ጠፋ።

ዛሬ ሳይክሎስፖሪኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ ካቆመ ቆይቷል። የሕፃንነት ክትባቱን እንደ አዲስ ጀምሯል፤ አዲሱ መከላከያ የድሮውን ክትባት አያስታውስምና። ባለፈው ለክትትል ከአባቱ ጋር ሲመጣ የደም ዓይነቱን ደግመን አየን፤ እንደ ወንድሙ ኦ ሆኗል። ካርዱ ላይ የነበረውን "ኤ" ሰርዤ "ኦ" ብዬ ስጽፍ አባትየው ጎንበስ ብለው አዩና፣ "እንግዲህ ዶክተር፣ ያኔ የከለከልከውን ደም ሰጥተኸዋል ማለት ነው" አሉኝ።