ያቺን ነጥብ አንሱልኝ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ በግምት ሥራ አብረን ያረጀን ወዳጆቼ፣ አዲስ የተቀላቀላችሁን ወጣቶችም፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ልኬት ልወጣ በአጠቃላይ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ሠንጠረዡን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 1 ኢንች 2.54 ሳንቲሜትር ነው። 1 ጫማ 0.3048 ሜትር ነው። እሱን ላነብላችሁ አልመጣሁም። እኔ የመጣሁት አንዲት ነጥብ ልከስ ነው። በጫማና በኢንች መካከል የምትቀመጠዋን ነጥብ።

አንድ ሥራ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ፕላኑ የተሠራው በጫማና በኢንች ነው፤ ዕቃው የሚገዛው ደግሞ በሜትር። ተመሳሳይ የሆኑ 40 ክፍሎች አሉ። በእያንዳንዱ ክፍል በር የሌለባቸው ሁለት ግድግዳዎች አሉ፤ የአንዱ ርዝመት 10 ጫማ ከ10 ኢንች ነው። የሚሰላው ዞኮሎ ነው። ገማቹ ቴክ ኦፍ ሺቱ ላይ ምን ብሎ ጻፈ? 10.10። ኮምፒውተሩ ደግሞ የመጨረሻዋን ዜሮ ትርፍ ናት ብሎ ጣላት። 10.1 ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አሁን ሺቱን የሚያይ ሰው 10 ጫማ ከ1 ኢንች ይሁን 10 ጫማ ከ10 ኢንች በምን ይለየው? ማሽኑማ ሁለቱንም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አሥር ጫማና የጫማ አንድ አሥረኛን ነው። በ0.3048 አባዛና 3.08 ሜትር አለ። ትክክለኛው ስንት ነው? 10 ኢንች ለ12 ሲካፈል 0.833 ጫማ ይሆናል። 10.833 በ0.3048 ሲባዛ 3.30 ሜትር ይመጣል። በአንድ ግድግዳ ላይ 22 ሳንቲሜትር ጎደለ ማለት ነው።

ግድግዳው 80 ነው። የሚያስፈልገው 264 ሜትር፣ ሺቱ ላይ የወጣው 246 ሜትር። 5 ፐርሰንት ለብክነት ተጨመረበትና ወደ 259 ሜትር ተገዛ። አንድም ቁራጭ ሳይሰበር እንኳ አይደርስም! ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ክፍሎች ሲቀሩት ዞኮሎው አለቀ። ከዚያስ? ጣት የተቀሰረው ስቶር ኪፐሩ ላይ ነው። ቀጥሎ ሠራተኛው ላይ። "ሰብሮ ነው፣ ሸጦ ነው" ተባለ። የወጪ ደረሰኝ ተገላበጠ፣ ሰው ተጠረጠረ። ሺቱን የከፈተ ግን አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን የጣልነውን ኢንች፣ ሳይት ላይ ያለ ሰው ሌባ ተብሎ ይከፍለዋል!

ደግሞ ነጥቧ ተንኮለኛ ናት። ከ1 እስከ 9 ኢንች ድረስ ታበዛለች። 6 ኢንች ግማሽ ጫማ ሆኖ ሳለ .6 ተብሎ ይገባል። 9 ኢንች .75 መሆን ሲገባው .9 ይሆናል። 10 እና 11 ላይ ሲደርስ ግን ገልበጥ ብላ በአንዴ ትቀንሳለች። ስለዚህ "ትንሽ ይበዛል እንጂ አይጎድልም" የምትሉ፣ ተሳስታችኋል። ትርፉ ራሱስ በነፃ ነው እንዴ? 4 ኢንች ውፍረት ያለው ወለል .4 ጫማ ተብሎ ሲገባ ኮንክሪቱ 20 ፐርሰንት ይጨምራል።

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለጫማ አንድ ዓምድ፣ ለኢንች ሌላ ዓምድ። ሜትሩን ቀመሩ ያውጣው። ጫማው A2፣ ኢንቹ B2 ላይ ካለ፦

```
=(A2+B2/12)*0.3048
```

የድሮ ሺት ስትመረምሩ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች እዩ። በትክክል የተለወጠ ከሆነ .25፣ .33፣ .83፣ .92 የመሳሰሉ ይበዙበታል። ሁሉም .1፣ .4፣ .6፣ .11 ብቻ ከሆነ ኢንቹ ሳይካፈል ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፣ ሰዓቴም አልቋል። ጫማን 30 ሳንቲሜትር ነው ብላችሁ አትያዙ። በርዝመት የሚጎድለው 1.6 ፐርሰንት ብቻ ነው፤ በኪዩብ ሲሆን ግን 4.7 ገደማ ይደርሳል። ለብክነት የያዛችሁትን 5 ፐርሰንት ሥራ ሳይጀመር በላው ማለት ነው። ካሬ ጫማን ወደ ካሬ ሜትር ስትለውጡ ደግሞ ለ10.764 አካፍሉ እንጂ ለ3.28 አይደለም። ይኼኛው እንኳ ውጤቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚያደርገው ዓይን ያለው ሰው ያየዋል።

ነጥቧ ግን አትታይም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጫማና ኢንች በአንድ ዓምድ ታጭቀው የመጡበትን ሺት አልፈርምም። ወዳጅ ያምጣው፣ አለቃ ያምጣው፣ እመልሰዋለሁ። እናንተም መልሱት።

አመሰግናለሁ።