ያልተረከባችሁትን ዕቃ ክፈሉ ስትባሉ፦ የመቃወሚያ ደብዳቤ አጻጻፍ

[ምስል፦ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ፣ ጠቅላላ ድምር 92,000 ብር]

ካዛንቺስ ያለ አንድ ቢሮ 40 ካርቶን ኤ4 ወረቀት አዘዘ እንበል። የአንዱ ካርቶን ዋጋ ከቫት በፊት 2,000 ብር ነው። ዕቃ ቤት የገባው 25 ካርቶን ብቻ ነው፤ ከአቅራቢው የመጣው ደረሰኝ ግን የ40ውንም ዋጋ ከነቫቱ ይጠይቃል።

ደብዳቤውን ከመጀመራችሁ በፊት የግዥ ትዕዛዙን፣ ዕቃ ቤቱ የቆረጠውን የገቢ ዕቃ ደረሰኝ እና ሹፌሩ ያስፈረመውን የማስረከቢያ ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ነው። ሹፌሩ «ቀሪውን ከሰዓት አመጣለሁ» ይላል፣ ዕቃ ቤት ጠባቂው 40 በሚለው ላይ ይፈርማል። እንዲህ ከሆነ ፊርማውን በደብዳቤው አትደብቁት። ዕቃ ቤቱ የገባውንና የወጣውን ዕቃ የሚመዘግብበትን የቢን ካርድ ቅጂ አያይዙ፤ አቅራቢውም 15ቱ ካርቶን ከመጋዘኑ የወጣበትን ሰነድ እንዲያሳይ ጠይቁ። ለወደፊቱ ግን 40ውን ሰርዞ በሁለቱም ቅጂ ላይ «25 ብቻ ተረክቤያለሁ» ብሎ መጻፍና ሹፌሩንም ማስፈረም ነው።

[ምስል፦ ደብዳቤው በቅርብ]

«ጉዳዩ፦ በዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር … ላይ ያልተረከብነው 15 ካርቶን ወረቀት ሒሳብ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው ደረሰኝ 40 ካርቶን የተሸጠልን ተደርጎ 92,000 ብር ተጠይቀናል። የተረከብነው 25 ካርቶን ስለሆነ የምንከፍለው ከነቫቱ 57,500 ብር ነው። ያልቀረበው 15 ካርቶን ዋጋ 30,000 ብር፣ ቫቱ 4,500 ብር፣ በድምሩ 34,500 ብር ነው። ቀሪውን ዕቃ ስለማንፈልገው ለዚሁ መጠን ክሬዲት ኖት በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲልኩልን እንጠይቃለን።»

«ቀሪውን ዕቃ ስለማንፈልገው» የሚለውን አትርሱ። «አልደረሰንም» ብቻ ካላችሁ መልሱ 15 ካርቶን ጭኖ በር ላይ የሚቆም መኪና ሊሆን ይችላል። ዕቃውን አሁንም የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ የምትቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን ጻፉ።

ተናድዶ ሙሉውን 92,000 መያዝ ያስጎዳል፤ ለተረከባችሁት 25 ካርቶን ባለዕዳ እናንተ ትሆናላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1757 መሠረት ሌላውን ፈጽም የሚል ወገን የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም የተዘጋጀ መሆን አለበት። አንቀጹ ለ15ቱ ካርቶን እናንተን ይደግፋል፣ ለ25ቱ ግን አቅራቢውን። ስለዚህ 57,500ውን በጊዜው ክፈሉ፤ የባንክ ማስተላለፊያው ላይም የደረሰኙን ቁጥርና «የ25 ካርቶን ክፍያ» የሚል ጻፉ። ሒሳብ ክፍሉም የ15ቱን ቫት፣ 4,500 ብሩን፣ በወሩ የቫት ማስታወቂያ እንዳያቀናንስ ንገሩት።

ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ኃላፊው ይፈርምበት፣ ማህተም ይረፍበት። በቴሌግራም ፎቶውን መላክ ለፍጥነት ይጠቅማል እንጂ አይበቃም። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን አስረክቡ፣ በሌላው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩትና የተላከበትን ደረሰኝ ከቅጂው ጋር አያይዛችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።